አንቱታ በቅሬታ ደብዳቤ ውስጥ

(በማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የቀረበ ንግግር)



ለታላቅ ዘመድ የሚጻፍ ደብዳቤ ሰላምታ ብቻ የያዘ እንደሆነ ጸሐፊውን እምብዛም አያስቸግረውም። «ይድረስ» ብሎ ይጀምራል፤ ጤና ይጠይቃል፤ የራሱን ደኅንነት ይናገራል፤ በመጨረሻም ጉልበት ስሞ ይሰናበታል። የቋንቋው ልማድ መንገዱን አስቀድሞ ጠርጎለታል። ችግሩ የሚመጣው ደብዳቤው ቅሬታ ሲይዝ ነው። የወንድም ልጅ ከአጎቱ ጋር በውርስ ሳይስማማ ሲቀር፣ የእኅት ልጅ በአክስቷ ውሳኔ ስታዝን፣ ሁለት ግዴታዎች በአንድ ወረቀት ላይ ይገናኛሉ። አንደኛው እውነቱን ሳይሸፍኑ መናገር ነው፤ ሁለተኛው ታላቅን በታላቅነቱ መያዝ ነው።

ብዙ ሰው አክብሮትን ከደብዳቤው ራስጌና ግርጌ ላይ ይፈልገዋል። «የተከበሩ»፣ «ውድና ክቡር»፣ «ታዛዥ ልጅዎ» የሚሉት ቃላት በመጀመሪያና በመጨረሻ ከሰፈሩ መሐሉ እንደ ልብ ሊጻፍ የሚችል ይመስለዋል። የአማርኛ ጠባይ ግን እንዲህ አይደለም። አማርኛ አክብሮትን የሚሸከመው በተውላጠ ስሙ ብቻ ሳይሆን በእያንዳንዱ ግሥና በእያንዳንዱ ቅጥያ ነው። ስለዚህ በሃያ መስመር ደብዳቤ ውስጥ ታላቁ ዘመድ ምናልባት ሠላሳና አርባ ጊዜ ይከበራል፤ ወይም በአንዲቱ ቦታ ይዋረዳል። ያች አንዲት ቦታ ደግሞ ብዙውን ጊዜ የቅሬታው ዐረፍተ ነገር ናት።

ነገሩ እንዲገለጥ በቅድሚያ የአንቱታን አሠራር በአጭሩ ማየት ያስፈልጋል። ለአንድ ሰው ሲነገር አማርኛ «አንተ»፣ «አንቺ» እና የአክብሮቱን «አንቱ» ወይም «እርስዎ» ይሰጣል። የኋለኞቹ ሁለቱ አንድ ዓይነት ግሥ ይስባሉ፤ ልዩነታቸው የልማድ ነው። «አንቱ» በብዙ የገጠር ቤተሰብ ዘንድ የቤት ቃል ሲሆን፣ «እርስዎ» በከተማና በመሥሪያ ቤት ጽሕፈት ይበዛል። በቤቱ «አንቱ» ሲባሉ የኖሩ አባት ከልጃቸው «እርስዎ» የሚል ደብዳቤ ቢደርሳቸው ከመሥሪያ ቤት የመጣ ሊመስላቸው ይችላል። የአክብሮቱ መደብ ወንድና ሴት አይለይም፤ ለአጎትም ለአክስትም ያው ነው። ግሡ ደግሞ ከሦስተኛው መደብ ብዙ ቁጥር የተወሰደ ነው። «እርስዎ ወሰዱ» እና «እነርሱ ወሰዱ» በግሡ መልክ አይለያዩም። «ይወስዳሉ»፣ «ወስደዋል»፣ «አልወሰዱም»፣ «ይውሰዱ» የሚሉትም እንደዚሁ ናቸው። ልዩነቱ የሚታየው በቅጥያዎችና በጥቂት ቃላት ነው፦ «ቤትዎ» እና «ቤታቸው»፣ «ሰጠሁዎት» እና «ሰጠኋቸው»፣ «ነዎት» እና «ናቸው»። ይህ ትንሽ የሚመስል ነገር በቅሬታ ደብዳቤ ውስጥ ትልቅ ጣጣ እንደሚያመጣ ከዚህ በታች ይታያል።

ለምሳሌ ያህል በአዲስ አበባ የሚኖር አንድ የወንድም ልጅ በደብረ ብርሃን ለሚኖሩት አጎቱ ይጽፋል እንበል። አያቱ ሲሞቱ የሚከራይ ቤት ትተዋል። ወራሾቹ ሦስት ናቸው፦ አጎትየው፣ አክስቲቱና በሞት የተለየው የልጁ አባት። ቤቱ በወር 4,000 ብር ይከራያል፤ ኪራዩን የሚሰበስቡት አጎትየው ናቸው። የማሳደሻው ወጪ ተቀንሶ የቀረው ለሦስት እንዲከፈል ስምምነት ነበረ። ይሁንና ለ24 ወራት የአባቱ ድርሻ ለልጁ አልደረሰውም። ባለፈው መስከረም በስልክ ቢጠይቅ አጎትየው ተቆጥተው ዝም አሰኙት። አሁን በወረቀት ይሞክራል። ሲናደድ የጻፈው የመጀመሪያ ረቂቅ እንዲህ ይላል፦

«ይድረስ ለተከበሩ አጎቴ። ጋሼ፣ እርስዎ እንደሚያውቁት የአያቴ ቤት ኪራይ ለሦስት እንዲከፈል ተስማምተን ነበር። አክስቴ ድርሻቸው ደርሷቸዋል። በመስከረም ሂሳቡን ላክልኝ ብዬ ስጠይቅ አያገባህም አሉኝ። ገንዘቡን ወስደው ለሌላ ነገር አውለውታል። ድርሻዬን በዚህ ወር ይላኩልኝ፤ አለዚያ በሕግ እጠይቃለሁ። ታዛዥ ልጅዎ።»

ይህን ረቂቅ ላዩን ያየ ሰው አክብሮት የጎደለው ነው አይልም። «የተከበሩ» አለ፤ «እርስዎ» አለ፤ «ልጅዎ» አለ። ነገር ግን አጎትየው ዓይናቸው ደክሞ ደብዳቤውን የጎረቤት ተማሪ ቢያነብላቸው የሚሰሙት ሌላ ነው።

የመጀመሪያው ጉድለት «ሂሳቡን ላክልኝ ብዬ» በሚለው ላይ ነው። አማርኛ የተነገረን ነገር ሲያስተላልፍ የተናጋሪውን ቃል እንዳለ አምጥቶ «ብዬ»፣ «ብለው»፣ «አሉ» በሚለው ግሥ መዝጋት ይወዳል። ልጁ ሲናገር የኖረው በዚህ ልማድ ነውና ጥያቄውን ባጭር የትእዛዝ ቃል፣ ያውም በ«አንተ» መደብ፣ አስቀመጠው። ምናልባት በስልክ የተናገረው «ይላኩልኝ» ብሎ ሊሆን ይችላል፤ ወረቀቱ ላይ ግን «ላክልኝ» ሆኖ ሰፈረ። በቅሬታ ደብዳቤ ውስጥ አንቱታ በብዛት የሚወድቀው እንዲህ ባለው ቦታ ነው። በዋናው ዐረፍተ ነገር ላይ ጸሐፊው ይጠነቀቃል፤ በተጠቀሰው ንግግር ውስጥ ግን ጥንቃቄው ይላላል። የሚበጀው የተነገረውን ቃል ወደ «እንድ» ግሥ መመለስ ነው፦ «ሂሳቡን እንዲልኩልኝ ለምኜዎት ነበር»። በዚህ አኳኋን የትእዛዙ ቃል ይጠፋል፤ «ለምኜዎት» የሚለውም ቅጥያው ታላቁን በአክብሮት ያነሣቸዋል።

የዚህ ጉድለት ሌላው ገጽ «አያገባህም አሉኝ» የሚለው ነው። በሰዋስው ሕግ ስሕተት የለበትም፤ አጎት የወንድሙን ልጅ «አያገባህም» ማለቱ የተለመደ ነውና። ሆኖም የአማርኛ ግሥ መጨረሻ ላይ ስለሚመጣ፣ ደብዳቤው ጮክ ተብሎ ሲነበብ አጎትየው አስቀድመው የሚሰሙት «አያገባህም» የሚለውን ነው። «አሉኝ» እስኪመጣ ድረስ ቃሉ ለእርሳቸው የተነገረ ይመስላል። በተለይም የተጠቀሰው ቃል ረጅም ሲሆን ወይም አንባቢው መሐል ላይ ትንፋሽ ሲወስድ ጉዳቱ ይከፋል። ጸሐፊው የትእምርተ ጥቅስ ምልክት ቢያደርግ እንኳ ምልክቱን ጆሮ አይሰማውም። እንግዲህ የታላቅን የቁጣ ቃል መመለስ ግድ ከሆነ እርሱንም እንደዚያው መለወጥ ይሻላል፦ «ነገሩ እንደማይመለከተኝ ነገሩኝ»። ፍሬ ነገሩ ሳይቀር ጩኸቱ ይቀራል።

ሁለተኛው ጉድለት የበለጠ ስውር ነው። «አክስቴ ድርሻቸው ደርሷቸዋል» ካለ በኋላ ረቂቁ «አያገባህም አሉኝ»፣ «ገንዘቡን ወስደው»፣ «አውለውታል» እያለ ይቀጥላል። ያሉት ማን ናቸው? የወሰዱትስ? ጸሐፊው አጎትየውን ማለቱ ነው፤ ግሡ ግን አይነግርም። ለአክስቲቱ በአክብሮት የሚነገረው ግሥና ለአጎትየው በአክብሮት የሚነገረው ግሥ አንድ መልክ አለው፤ ቅርብ ሆነው የተጠሩትም አክስቲቱ ናቸው። አንባቢው አክስቲቱ ገንዘብ ያጠፉ መስሎት ቢያነብ ስሕተቱ የእርሱ አይሆንም። በአንድ ደብዳቤ ወንድምና እኅትን ማጋጨት እንዲህ ቀላል ነው። በ«አንተ» የተጻፈ ደብዳቤ ይህ ችግር የለበትም፤ «ወስደህ» ካለ ወሳጁ ታወቀ። አንቱታ ግን የሚያስከፍለው ዋጋ አለ፤ እርሱም ባለቤቱን ደጋግሞ መጥራት ነው።

መፍትሔውም ከዚሁ ይገኛል። ሌላ የተከበረ ሰው በተጠራበት ደብዳቤ ውስጥ ወደ ታላቁ የሚመለሰው ግሥ ሁሉ «እርስዎ» የሚለውን ቃል አስቀድሞ ቢይዝ፣ ወይም «ዎ» እና «ዎት» የሚሉት ቅጥያዎች የሚገቡበት አነጋገር ቢመረጥ ነገሩ ይጠራል። «ቆርቆሮውን አለበሱ» ከማለት ይልቅ «ቆርቆሮውን ማልበስዎን ሰምቻለሁ» ማለት ባለቤቱን ያለ ጥርጥር ያሳውቃል። ጸሐፊው ለመፈተን ቢፈልግ እያንዳንዱን ግሥ እየነጠለ «ይህ እርሳቸው ነው ወይስ እርስዎ?» ብሎ መጠየቅ ይችላል። ከዐረፍተ ነገሩ ውስጥ መልሱ ካልወጣ አጎትየውም ከዚያ አያወጡትም።

አንዳንድ ጸሐፊ ይህን ድንግዝግዝ ሆን ብሎ ይጠቀምበታል። በግልጥ ለመናገር ሲፈራ «ገንዘቡን አጥፍተዋል» ብሎ ማን እንዳጠፋው ሳይናገር ያልፋል። ታላቁ ሰው ከጠየቁ «እነ እገሌን ማለቴ ነው» ለማለት መውጫ ያዘጋጃል። ሌላው ደግሞ «እናንተ» ወደሚለው ይሸሻል፤ «እናንተ ቤት የቀረው ገንዘብ» ብሎ ነቀፋውን ለቤተሰቡ ሁሉ ያከፋፍለዋል። ይህ ለስለስ ያለ ቢመስልም የአጎትየውን ሚስትና ልጆች ያለ ጥፋታቸው ይጨምራል። ሁለቱም መንገዶች አክብሮት ሳይሆኑ ፍርሃት ናቸው፤ ሽማግሌ ይህን ቶሎ ይለየዋል።

ሦስተኛው ነገር የአጠራር መለወጥ ነው። በ1960 እ.ኤ.አ. ሮጀር ብራውንና አልበርት ጊልማን የአውሮፓን ቋንቋዎች የአንተና የአንቱ ተውላጠ ስሞች መርምረው ባወጡት ጽሑፍ፣ የአጠራሩ ምርጫ በሥልጣንና በቅርበት እንደሚለካ፣ ከተለመደው አጠራር ለጊዜው ማፈንገጥ ደግሞ የጊዜውን ስሜት እንደሚገልጥ አመልክተው ነበር። ለአማርኛም ይህ እውነት ነው፤ ደግሞም በሁለቱም አቅጣጫ ይሠራል። ከ«እርስዎ» ወደ «አንተ» መውረድ ስድብ መሆኑን ሁሉ ያውቃል። ከ«አንተ» ወደ «እርስዎ» መውጣት ግን ብዙዎች የማይጠረጥሩት ቁስል ነው። በብዙ ቤት እናት «አንቺ» ትባላለች፤ «ጋሼ» ወይም «እትዬ» እየተባሉ የሚከበሩ ታላላቆችም በቅርበት «አንተ» እና «አንቺ» ይባላሉ። እንዲህ ሲጠሩ የኖሩ አጎት በጠቡ ሰሞን «እርስዎ» የሚል ደብዳቤ ቢደርሳቸው የሚሰማቸው መከበር ሳይሆን መገፋት ነው። «ከዛሬ ጀምሮ ባዕድ ነዎት» እንደ ማለት ይቆጥሩታል። ታላቁ ራሳቸው ቀድሞ «አንቱ አትበለኝ» ብለው የነበረ እንደሆነ ደግሞ የሰጡትን ቅርበት መልሶ እንደ መወርወር ይሆናል።

ስለዚህ ሕጉ «ሁልጊዜ እርስዎ ብለህ ጻፍ» የሚል ሊሆን አይችልም። ሕጉ ከጠቡ በፊት በነበረው አጠራር መጽናት ነው። በቃል «አንተ» እየተባለ በደብዳቤ ግን «አንቱ» የሚባልበት ቤት እንደሆነ የቀድሞ ደብዳቤዎች ይወስናሉ። ከዚያ በፊት ምንም መጻጻፍ ያልነበረ፣ ዘመዱም ከሩቅ ብቻ የሚታወቅ እንደሆነ የአክብሮቱን መደብ መያዝ ይበልጥ ያስተማምናል፤ በመጀመሪያ የተከበረ ሰው ኋላ «ተወው» ለማለት ይችላልና።

ከኢትዮጵያ ውጭ ያደጉ ልጆች በዚህ ረገድ የተለየ ችግር አለባቸው። በቤት ውስጥ ለእነርሱ የሚነገረው ሁሉ «አንተ» ወይም «አንቺ» ነው፤ አንቱታን የሚሰሙት ወላጆቻቸው በስልክ ከታላላቆች ጋር ሲነጋገሩ ብቻ ነው። ለአያታቸው ሲጽፉ የሰሙትን መልክ ቢመልሱ ንቀት አይደለም፤ ሌላ መልክ በአፋቸው ስላልገባ ነው። ለእነርሱ ተውላጠ ስሙን ብቻ ማስተማር አይረዳቸውም፤ «እርስዎ እንዴት ነህ» የሚል ቅይጥ ይወልዳል። ከተውላጠ ስሙ ጋር «ነዎት»፣ «አለዎት»፣ «ሁን» ሲባል «ይሁኑ» የሚለውን አብሮ ማስያዝ ያስፈልጋል። የስልክ አጭር መልእክትም ያንኑ ያስተምራል። በእርሱ ሰላምታው ይቀራል፤ «እርስዎ» የሚለውም ይዘለላል፤ ግሡ ግን ሊዘለል ስለማይችል «ደረሰህ?» ወይም «ደረሰዎት?» ከሚሉት አንዱን መምረጥ ግድ ይሆናል።

እንግዲህ ልጁ ከላይ የተባለውን አስተውሎ ደብዳቤውን እንደገና ቢጽፈው እንዲህ ሊሆን ይችላል፦

«ይድረስ ለተከበሩ አጎቴ። ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ።

ጋሼ፣ ይህን የምጽፍልዎ ስለ አያቴ ቤት ኪራይ ነው። እርስዎ እንደሚያስታውሱት፣ የማሳደሻው ወጪ ከተቀነሰ በኋላ የቀረው ለሦስት እንዲከፈል ተስማምተን ነበር። በ24 ወራት የተሰበሰበው 96,000 ብር ይሆናል። እርስዎ ለጣሪያው 18,000 ብር ማውጣትዎን አክስቴ ነግረውኛል፤ ስለ ድካምዎ አመሰግንዎታለሁ። ይህ ሲቀነስ 78,000 ብር ይቀራል፤ የእያንዳንዱ ድርሻ 26,000 ብር መሆኑ ነው። የአባቴ ድርሻ እስከ ዛሬ አልደረሰኝም።

በመስከረም በስልክ ስንነጋገር፣ እርስዎ ነገሩ እንደማይመለከተኝ ነግረውኛል። በዚህ ከእርስዎ ጋር አልተስማማሁም፤ የአባቴ ወራሽ ነኝና። በሂሳቡ ተሳስቼ፣ ወይም እኔ የማላውቀው ሌላ ወጪ ኖሮብዎት እንደሆነ ቢያስረዱኝ እቀበላለሁ። ካልሆነ ግን ድርሻውን እስከ ጥር መጨረሻ ቢልኩልኝ እለምንዎታለሁ። ሳንስማማ ብንቀር እርስዎ በሚመርጧቸው ሽማግሌዎች ፊት ብንነጋገር ፈቃደኛ ነኝ።

ጉልበትዎን እየሳምሁ እሰናበትዎታለሁ። ልጅዎ።»

በዚህ ደብዳቤ ውስጥ ቅሬታው አልተቀነሰም። እንዲያውም ከመጀመሪያው ረቂቅ ይልቅ ጠንክሯል፤ የገንዘቡ ልክ ተነግሯል፤ «አልተስማማሁም» የሚለው ቃል በግልጥ ተጽፏል፤ ቀን ተቆርጧል። የተለወጠው ሌላ ነው። «ገንዘቡን ወስደው ለሌላ ነገር አውለውታል» የሚለው ወጥቷል፤ ልጁ ይህን አያውቅምና። የሚያውቀው አንድ ነገር ነው፦ «አልደረሰኝም»። «ይላኩልኝ» የሚለው ትእዛዝ «ቢልኩልኝ» ወደሚለው ልመና ተመልሷል። የአክስቲቱ ስም በመሐል ቢገባም «ማውጣትዎን» እና «ድካምዎ» የሚሉት ቅጥያዎች ያወጣው ማን እንደሆነ ያስረዳሉ። የሕግ ዛቻው ቀርቶ ሽማግሌ ተተክቷል፤ ምርጫውም ለታላቁ ተሰጥቷል። ሽማግሌዎቹ ካላስማሙ ልጁ ወደ ፍርድ ቤት ለመሄድ ያለው መብት በዚህ አይነካም፤ ያን ጊዜ የሚጻፈው ግን ለዳኛ እንጂ ለአጎት አይደለም።

አንቱታ ሊያደርገው የማይችለውንም ማወቅ ይገባል። «እርስዎ ዋሽተዋል» የሚለው ዐረፍተ ነገር በሰዋስው ረገድ ምንም እንከን የለበትም፤ ስድብነቱ ግን አልተቀነሰም። «ገንዘቡ ተበልቷል» ቢባልም አድራጊው ስላልተጠራ ብቻ ቃሉ አይለሰልስም፤ የበላው ማን እንደሆነ አጎትየው ያውቁታል። አክብሮት የሌለበትን ቃል የአክብሮት ግሥ አያድነውም። በተቃራኒውም የማዕረግ ቃላትን በየመስመሩ መደርደር፣ «የተከበሩ ታላቁ አጎቴ እርስዎ ክቡርነትዎ» እያሉ መጻፍ፣ ነገሩ ጠብ ከሆነ ሽሙጥ ይመስላል። በሰላሙ ጊዜ ከነበረው የበዛ አክብሮት ጥርጣሬን ይጠራል።

የቋንቋ መምህራን ይህን ለተማሪ ሲያስተምሩ በሁለት ፈተና መጀመር ይችላሉ። አንደኛው፣ ደብዳቤው ካለቀ በኋላ ግሡንና ቅጥያውን ሁሉ እያሰመሩ ከላይ እስከ ታች መውረድ ነው፤ ከመስመሩ የወጣ አንድ «ህ» ወይም አንድ «ላክ» ቢኖር ወዲያው ይታያል። ሁለተኛው፣ ደብዳቤውን ነገሩን ለማያውቅ ሌላ ሰው ሰጥቶ ጮክ ብሎ እንዲያነብ ማድረግና መስማት ነው። አንባቢው «ይህን ያሉት ማን ናቸው?» ብሎ ቢያቆም፣ ወይም በተጠቀሰው ቃል ላይ ድምፁ ቢያመነታ፣ ያች ቦታ መታረም ያለባት ናት። ደብዳቤው ለአጎትየው ከመድረሱ በፊት ያመነታው የጎረቤት ድምፅ ከደረሰ በኋላ ከሚመጣው የዘመድ ኩርፊያ ይቀላል።